የተረፈው ፊታውራሪ

ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር (እ.ኤ.አ. 2023) ኮኔክሽንስ የተባለ የቃላት ጨዋታ ጀመረ። ተጫዋቹ አሥራ ስድስት ቃላት ይቀርቡለትና አራት አራት አድርጎ በአራት ምድብ ይከፍላቸዋል። አራት ጊዜ ከሳተ ጨዋታው ያበቃል። በእንግሊዝ ቢቢሲ ላይ «ኦንሊ ኮኔክት» የተሰኘው የጥያቄና መልስ ውድድርም ከዚያ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ሰሌዳ ነበረው፤ እዚያ ተወዳዳሪዎች የሚሰጣቸው ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው።

ጨዋታውን ወደ አማርኛ አምጥተን እንሞክረው፦

ኮት፣ አፍሪካ፣ ግራዝማች፣ እጅጌ
እስያ፣ ባላምባራስ፣ ነጠላ፣ አውሮፓ
ፊታውራሪ፣ ሱሪ፣ አንታርክቲካ፣ ደጃዝማች
ልብስ፣ አውስትራሊያ፣ ቀኛዝማች፣ ጋቢ

አህጉራቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ችኩል ተጫዋች አራቱን መርጦ ይልካል፤ ግን አህጉራቱ አምስት ናቸው። የትኛው እንደሚተርፍ ሳያውቅ በግምት ከሄደ የመሳካት ዕድሉ ከአምስት አንድ ነው። የድሮ የጦር ማዕረጎችም አምስት ናቸው። ከልብስ ጋር የሚሄዱት ደግሞ ስድስት።

አምስት፣ አምስትና ስድስት ሲደመሩ አሥራ ስድስት ነው፤ ሰሌዳው በሦስት ምድብ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ አራተኛው ምድብ የራሱ የሆነ አንድም ቃል የለውም። ከአህጉር አንድ፣ ከማዕረግ አንድ፣ ከልብስ ሁለት መውሰድ አለበት። ይህን ሳይቆጥር የሚነካ ሰው ዕድሉን በከንቱ ያባክናል።

መነሻው ልብሶቹ ጋ ነው። ኮት፣ ሱሪ፣ ጋቢና ነጠላ የሚለበሱ ናቸው። «ልብስ» ግን የሁሉም የወል ስም ነው፤ እጅጌም የልብስ አካል እንጂ ራሱን የቻለ ልብስ አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ፊደላቸውን ብቻ እንይ። አንዱ በ«ልብ»፣ ሌላው በ«እጅ» ይጀምራል። ከአህጉራቱ በሰውነት ክፍል የሚጀምረው አፍሪካ ብቻ ነው፤ «አፍ» አለበት።

ማዕረጎቹ ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ። ባላምባራስ መጨረሻው ላይ «ራስ» ስላለው ያሳስታል። ሌሎቹ ሦስቱ የሰውነት ክፍሉን የያዙት መጀመሪያቸው ላይ በመሆኑ ግን የሚመረጠው «ፊት» ያለው ፊታውራሪ ነው። አራተኛው ምድብ ከተገኘ የቀሩት ሦስቱ ያለ ግምት ይወጣሉ።

ኮኔክሽንስ ላይ ሐምራዊ ቀለም የሚሰጠው ከባዱ ምድብ ብዙ ጊዜ እንዲህ በፊደል ወይም በቃላት ጨዋታ ላይ የቆመ ነው። የራስዎን ሰሌዳ ማዘጋጀት ከፈለጉ ከዚህኛው ምድብ ይጀምሩ፤ ቀላሎቹ ምድቦች የሚመረጡት ለእሱ መደበቂያ እንዲሆኑ ነው። ሲጨርሱ እያንዳንዱን ቃል በአራቱም ምድቦች ውስጥ ይፈትሹት። ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ሰሌዳ ከባድ ሳይሆን የተበላሸ ነው።