ማስተጋባት በቪዲዮ ስብሰባ

በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ላፕቶፖች ወደ አንድ የቪዲዮ ስብሰባ ሲገቡ ማስተጋባትና ጩኸት የሚፈጠረው የአንዱን ስፒከር ድምፅ የሌላው ማይክሮፎን ስለሚቀበለው ነው።

መንስኤ

የስብሰባ ፕሮግራም ማስተጋባትን በራሱ ይቀንሳል፤ ላፕቶፑ በራሱ ስፒከር ያሰማውን ስለሚያውቅ ያንን ከማይክሮፎኑ ድምፅ ላይ ያነሳል። ጎረቤቱ ላፕቶፕ የሚያሰማውን ግን አያውቅም። ስለዚህ እንደ አዲስ ንግግር ቆጥሮ ወደ ስብሰባው ይልከዋል። ይህ ድምፅ በጎረቤቱ ስፒከር ተመልሶ ይወጣል፤ በየዙሩ እየጎላ ከሄደም ወደ ፉጨት ይለወጣል።

ምሳሌ

ሁለት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው በሌላ ከተማ ያሉ መምህርን ይከታተላሉ እንበል። መምህሩ የራሳቸው ድምፅ ዘግይቶ ሲመለስ ይሰማሉ። ሁለተኛው ተማሪ ማይክሮፎኑን ቢያጠፋም ችግሩ አይወገድም፤ ስፒከሩ ክፍት ስለሆነ የመጀመሪያው ማይክሮፎን ይሰማዋል። የሁለተኛው ስፒከርም ሲዘጋ ግን ማስተጋባቱ ይቆማል።

መፍትሔ

ማይክሮፎንና ስፒከር የሚከፈቱት በአንዱ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ሌላው ምስል ለማየትና ለመጻፍ ይቀራል፤ ጉግል ሚት ላይ Companion mode የሚባለው አማራጭ ያለ ድምፅ የሚያስገባው ለዚሁ ነው።

ሁለቱም የጆሮ ማዳመጫ ቢያደርጉ ዙሩ ይቋረጣል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ማይክሮፎኖች ክፍት ከሆኑ የአንድ ሰው ንግግር በሁለቱም ገብቶ ለሌሎች ተደራርቦ ይሰማል። ስለዚህ የሚናገረው ብቻ ማይክሮፎኑን ይከፍታል።