ሁለት ወንዞች በአንድ ድርሰት

የበሽሎ ወንዝ የሚነሣው ከኩታበር በስተምዕራብ፣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ነው። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ የኩታበር ተማሪ ስለ ወንዝ የተጻፉ ሁለት ግጥሞችን አነጻጽር ሲባል ባዕድ ነገር አልታዘዘም። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ማዶ ያለ ዘመድ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል፤ ደጁ የሚያየው ውሃ የት እንደሚደርስም ያውቃል። የሚቸግረው ሁለቱን ግጥሞች በአንድ ድርሰት ውስጥ በምን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ እንዳለበት ነው።

ግጥሞቹ የከበደ ሚካኤል «አዝማሪና የውሃ ሙላት» እና የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ዓባይ» ይሁኑ። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቀዋል። አንድ አዝማሪ ወንዝ ሞልቶበት ዳር ላይ ቀርቷል። ጎድሎ እንዲያሳልፈው ውሃውን በዜማ ያሞግሰዋል። አንድ መንገደኛ ደርሶ ምን እየሠራ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ መልሱን ሲሰማም የልፋቱን ከንቱነት ይነግረዋል። ውሃው ሥራው መሄድ ነውና ቆሞ አያዳምጥም። ግጥሙ የሚዘጋው ለማይሰማ መናገር ዋጋ እንደሌለው በሚናገር ምክር ነው። በ«ዓባይ» ውስጥ ደግሞ ተናጋሪው ወንዙን ራሱን በስሙ ደጋግሞ ይጠራዋል፣ ጊዮን ይለዋል፣ ግሪክም ፋርስም ባቢሎንም ጥበብን የቀዱት ከእርሱ ነው ይለዋል። አሻግረኝ አይልም፤ ጉደልልኝም አይልም። መሐል ገብቶ የሚያቋርጠው መንገደኛም የለም።

ማነጻጸሪያ ድርሰት የሚዋቀርባቸው የታወቁ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ግጥም በግጥም መሄድ ነው፤ ስለ ከበደ ግጥም የሚባለው ሁሉ ከተባለ በኋላ ወደ ጸጋዬ ይታለፋል። ሁለተኛው ነጥብ በነጥብ ነው፤ ተናጋሪው፣ የውሃው ምንነት፣ ቤት አመታቱ እየተባለ አንድ ነጥብ ይነሣና ሁለቱም ግጥሞች በዚያው አንቀጽ ውስጥ ይታያሉ። ነጥብ በነጥብ የሄደ ድርሰት ንጽጽሩ በየአንቀጹ ስለሚታይ ለአራሚ ደስ ይላል። እኔ ግን ለእነዚህ ሁለት ግጥሞች ግጥም በግጥሙን እመርጣለሁ። ምክንያቱ የሚገኘው ድርሰቱ ሊናገረው ከሚፈልገው ነገር ውስጥ ነው።

እስቲ ነጥቦቹን በወረቀት ላይ እናስቀምጣቸው። በግራ ከበደን፣ በቀኝ ጸጋዬን እንጻፍ። ማን ይናገራል? በግራ አዝማሪው፤ በቀኝ ገጣሚው ራሱ ነው ለማለት የሚያስደፍር አንድ ድምፅ። ምን ያደርጋል? በግራ ውሃ ያሞግሳል፤ በቀኝም ውሃ ያሞግሳል። ለምን ያሞግሳል? በግራ ለመሻገር፤ በቀኝ የወንዙን ታላቅነት ለመመስከር። ማን ይመልስለታል? በግራ መንገደኛው፤ በቀኝ ማንም። ይህ የመጨረሻው ባዶ ቦታ ነው ድርሰቱን የሚፈጥረው። ጸጋዬ በ«ዓባይ» የሚያደርገው ነገር፣ ከበደ አዝማሪውን ያስገሠጸበትን ያንኑ ሥራ ነው፦ ለማይመልስ ውሃ ማዜም። በከበደ ግጥም ከንቱ የተባለው ድርጊት በጸጋዬ ግጥም የክብር ሥራ ሆኗል።

ይህ ሐሳብ እንዲሠራ አንባቢው የመንገደኛውን ተግሣጽ እስከ መጨረሻው ሰምቶ መጨረስ አለበት። ነጥብ በነጥብ ከተሄደ ግን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጸጋዬ ሲያሞግስ ታይቷል፤ ተግሣጹ በአራተኛው ነጥብ ሲመጣ ዘግይቷል፣ የሚያርፍበትም የለም። ከበደ ትንሽ ታሪክ ነው የጻፈው፦ ችግር፣ ጥያቄ፣ መልስ፣ ምክር። ታሪኩን በየነጥቡ ከቆራረጥነው መታጠፊያው ይጠፋል። የጸጋዬ ግጥም እንዲህ ያለ መታጠፊያ ስለሌለው ሁለተኛ ሲቀመጥ አይጎዳም።

እንግዲህ ድርሰቱ እንዲህ ሊቆም ይችላል። አንድ አንቀጽ መግቢያ፤ ሁለቱ ግጥሞች ውሃን እንደሚያሞግሱና በማሞገስ ዋጋ ላይ እንደሚለያዩ በግልጽ የሚናገር። ከዚያ ለከበደ ሁለት አንቀጽ፣ ለጸጋዬ ሦስት። ጸጋዬ የሚበልጠው ንጽጽሩን የሚሸከመው ሁለተኛው ክፍል ስለሆነ ነው። የሁለተኛው ክፍል መክፈቻ ለምሳሌ እንዲህ ቢሆን፦ «ጸጋዬም ወንዝ ዳር የቆመ አመስጋኝ ነው፤ ነገር ግን የከበደን አዝማሪ ያሳፈረው መንገደኛ በዚህ ግጥም ውስጥ አይመጣም። ውሃው እንደማይመልስለት ጸጋዬ የሚያውቅ ይመስላል፤ መልስ የሚጠብቀው ከወንዙ ሳይሆን ወንዙን ከዘነጉት ሰዎች ነው።» እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች የመጀመሪያውን ክፍል ካላነበቡ አይገቡም። መፈተኛውም ይኸው ነው። የድርሰቱን የመጀመሪያ ግማሽ በእጅ ሸፍኖ ሁለተኛውን ማንበብ፤ ምንም ሳይጎድል ከተነበበ የተጻፈው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ድርሰቶች ናቸው፣ ንጽጽር አልተደረገም። ግጥም በግጥም የሚሄድ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የድርሰቱ ጥያቄ ስለ ቅርጽ ቢሆን ኖሮ ግን ውሳኔዬ ይገለበጥ ነበር። የከበደ ስንኝ ረዘም ያለ፣ መሐሉ ላይ የሚያርፍ፣ ባመዛኙ ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት የሚመታ ነው፤ ለተረት ይመቻል። የጸጋዬ ስንኝ በ«ዓባይ» ውስጥ አጭር ነው፤ አንዱ ቤት መምቻ ለተከታታይ ስንኞች ሳይለቀቅ ይቆያል፤ ለውዳሴ የሚሆን ግፊት ይሰጠዋል። ይህን ለማሳየት ስንኝና ስንኝ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ከሁለት ገጽ በፊት የተነገረ የቤት አመታት በአንባቢ ጆሮ ውስጥ አይቆይም፤ ነጥብ በነጥቡ የሚያሸንፈው እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ነው። ነጥብ በነጥቡም የራሱ ሕመም አለው፤ ምልክቱ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በ«ደግሞ» እና በ«በሌላ በኩል» መጀመሩ ነው። ያኔ ጸሐፊው እያመላለሰ ነው እንጂ እያሰበ አይደለም።

ዘመን የሚገባበት ቦታም በአወቃቀሩ ይወሰናል። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል መጽሐፍ ያሳተመ፣ ሀገር በዕውቀትና በሥራ እንድትለወጥ አጥብቆ የሚሻ ሰው ነበር፤ ወንዝ ዳር ቆሞ የሚያዜም አዝማሪን ለምን በመንገደኛ እንዳስገሠጸው ለመረዳት ይህ ያግዛል። ጸጋዬ ደግሞ አፍሪካ ነጻ ስትወጣ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ወጣት ደራሲ ነበር፤ ወንዙን የጥቁር ሕዝብ የሥልጣኔ ምንጭ አድርጎ መጥራቱ ከዚያ መንፈስ ጋር ይሄዳል። እነዚህ እውነታዎች ሁለቱም መግቢያው ላይ ከተከመሩ ታሪክ ይሆናሉ፣ ግጥሞቹን ግን አያበሩም። የከበደው ከተግሣጹ ቀጥሎ፣ የጸጋዬው የግሪክና የባቢሎን ስም ከሚነሣበት ቀጥሎ ቢገባ እያንዳንዱ ሥራውን ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከበደ ቀዳሚ፣ ጸጋዬ ተከታይ ሆነው ሲቀመጡ አንባቢ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያሻሻለ ሊመስለው ይችላል። ግጥም በግጥሙ ይህን ስሕተት ይጋብዛል፤ መጨረሻ ላይ የተናገረ አሸናፊ ይመስላልና። ስለዚህ ከጸጋዬ ሦስት አንቀጾች የመጨረሻው መንገደኛውን መልሶ መጥራት ይኖርበታል፦ እርሱ «ዓባይ»ን ቢሰማ ምን ይል ነበር? ውሃው አሁንም እየሄደ ነው፤ ያንን ጸጋዬ አላስተባበለም። ሁለቱን ገጣሚዎች የሚለያያቸው የሚያዜመው ሰው ምን ለማግኘት እንደሚያዜም ነው፤ ተማሪው የመጨረሻውን ገጹን ሊያውለው የሚገባው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።