ከራስ ጋር መጫረት

ፌስቡክ ላይ አብዛኛው ማስታወቂያ ቦታ የሚያገኘው በጨረታ ነው። አንድ ጫማ ሻጭ ሁለት ዘመቻ ከፈተ እንበል፤ አንዱ ለአዲስ አበባ ሴቶች፣ ሌላው ፋሽን ለሚወዱ የከተማዋ ነዋሪዎች። ፋሽን የምትወድ የቦሌ ልጅ ሁለቱም ውስጥ አለች።

ብዙዎች ሻጩ በራሱ ላይ ዋጋ የሚያንር ይመስላቸዋል። ፌስቡክ ግን የአንድን አስተዋዋቂ ማስታወቂያዎች እርስ በርስ አያጫርትም፤ የተሻለውን አስገብቶ ሌላውን ያስቀራል። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። የቀረው ዘመቻ በጀቱን ሳይጨርስ ይውላል። በዚያ ላይ ሥርዓቱ ማን እንደሚገዛ ለመለየት በዘመቻው ውስጥ ካለ ከአንድ ad set በሳምንት 50 ያህል ውጤት ይፈልጋል። 60 ሽያጭ ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 30 ይደርሰዋል፤ ሁለቱም ሳይማሩ ይቀራሉ፤ ስክሪኑም Learning limited ይላል።

መደራረቡን ለማወቅ አንዱን ዘመቻ ለጥቂት ቀናት ማቆም ይቻላል። ጠቅላላ ሽያጩ ሳይቀንስ የሌላው ብቻ ከጨመረ፣ ሁለቱ ሲሻሙ የነበሩት አንድ ገዢ ነው።

መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ad set ማዋሃድ ነው፤ 60ው ሽያጭ አንድ ላይ ሲሆን ከ50 ያልፋል። መልእክቱ የግድ ይለያይ ከተባለ፣ ለምሳሌ አንዱ ለነባር ደንበኞች ከሆነ፣ እነሱን ከሌላው ዘመቻ ዝርዝር ማስወጣት ነው። መደራረቡ ጥቂት ከሆነና ሁለቱም በጀታቸውን በአግባቡ ከጨረሱ ግን መነካካት አያስፈልግም።