አንድ ሙሉ ቻርጅ ስንት ብር ይበላል?

ጎረቤቴ ጋሼ መኪናቸውን ባመጡ በሁለተኛው ሳምንት ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የሒሳብ ማሽኑን ከፈቱና “ተመልከት” አሉኝ። የገዙት 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለውን ቢዋይዲ ሲጋል ነው። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች አንድ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብለው ባሰቡት ዋጋ አባዙትና 233 ብር ከ28 ሳንቲም አገኙ። “አንድ ሙሉ ቻርጅ ይኸው ነው፤ በወር አራቴ ብሞላ ሺህ ብር አይደርስም” አሉ።

ወሩ ሊያልቅ ገና ሳምንት ሲቀረው የቆጣሪያቸው ካርድ አለቀ። ቆጣሪው ተበላሽቷል ብለው ሊያመለክቱ ሲነሡ ነው አብረን ቁጭ ብለን ያሰላነው። ቆጣሪው ምንም አልሆነም። ስህተቱ ያለው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን የሚባዙት ሁለቱ ቁጥሮች ላይ ነበር።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ይህ ሒሳብ የጋሼ ብቻ አይደለም። ስለዚህ እሳቸው ጋ ያደረግነውን እንዳለ ላስቀምጠው።

በመጀመሪያ የባትሪው ቁጥር። ኪሎዋት ሰዓት ማለት አንድ ሺህ ዋት የሚወስድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ምድጃ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲበራ የሚፈጀው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ቆጣሪያችን የሚቆጥረውም ባትሪው የሚለካውም በዚሁ ነው። ልዩነቱ የሚቆጠርበት ቦታ ላይ ነው፤ ባትሪው ውስጥ የገባውን ነው መኪናው የሚያውቀው፣ ቆጣሪው ግን ከግድግዳው የወጣውን ይቆጥራል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ጠፍቶ የሚቀር ነው።

የት ነው የሚጠፋው? ከፊሉ የቤቱ ኤሌክትሪክ ባትሪው ወደሚቀበለው ዓይነት በሚለወጥበት ጊዜ በመኪናው ውስጥ ባለው ቻርጀር ላይ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ሌላው ክፍል ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው። መኪናው ቻርጅ እያደረገ ሳለ አይተኛም። ኮምፒውተሮቹ ነቅተው ባትሪውን ይጠብቃሉ፣ አንዳንዴ ማቀዝቀዣ ፓምፑ ይዞራል። ይህ ሁሉ በአጠቃላይ ከ200 እስከ 300 ዋት ሊወስድ ይችላል፣ ቻርጁ በፍጥነትም ሆነ በዝግታ ይሁን ብዙ አይለወጥም።

እዚህ ላይ ነው የኛ ቤት ሁኔታ የሚለየው። ጋሼ የሚጠቀሙት ከመኪናው ጋር የመጣውን፣ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ገመድ ነው። 10 አምፔር ሲወስድ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። ከዚህ ላይ 250 ዋቱን መኪናው ለራሱ ሲበላው፣ ከመቶ አሥራ አንድ ያህሉ ባትሪው ሳይደርስ አለቀ ማለት ነው። ሰባት ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ቢኖራቸው ኖሮ ያው 250 ዋት ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም ነበር። በሌላ አነጋገር ቀስ ብሎ መሙላት ለባትሪው ደግ ቢሆንም ለኪስ ደግ አይደለም።

ማታ ማታ ቮልቴጁ የሚወርድበት ሰፈር ደግሞ አለ። ሶኬቱ 180 ቮልት ብቻ ካለው ያው 10 አምፔር የሚሰጠው 1.8 ኪሎዋት ይሆናል። ሰዓቱ ይረዝማል፣ መኪናው ነቅቶ የሚቆይበት ጊዜም አብሮ ይረዝማል። ይህ እንግዲህ ኪሳራው ከፍ የሚልበት ሌላ ምክንያት ነው።

ስንት እንደሚጠፋ ከሰው መጠየቅ አያስፈልግም፣ ከቆጣሪው ማንበብ ይቻላል። ጋሼ ቤት እንዲህ አደረግን። ማታ ሌላውን ሁሉ አጥፍተን፣ ማቀዝቀዣውንም ሳይቀር ነቅለን (እማማ ለወተቱ ሲሉ ትንሽ ተቆጥተዋል)፣ የካርድ ቆጣሪው ላይ የቀረውን ኪሎዋት ሰዓት ጻፍን። መኪናው 30 በመቶ ላይ ነበር። ጠዋት 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ነቅለን ቆጣሪውን ዳግም አነበብን። ባትሪው የጨመረው የ38.88 ግማሽ፣ ማለትም 19.44 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከቆጣሪው የጎደለው ግን 22.9 ነበር። 19.44ን ለ22.9 ስናካፍል 0.85 ገደማ እናገኛለን፤ ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ገባ፣ አሥራ አምስቱ ቀረ ማለት ነው።

ይህችን 0.85 አንዴ ካገኙ በኋላ ሁልጊዜ ይጠቀሙባታል። 38.88ን ለ0.85 ሲያካፍሉ 45.7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ባዶ ባትሪን ለመሙላት ከቆጣሪ የሚወጣው ይህ ነው። ጊዜውም ከዚሁ ይገኛል፤ 45.7 ለ2.2 ሲካፈል ወደ ሃያ አንድ ሰዓት፣ ቮልቴጁ 180 ከሆነ ደግሞ ከሃያ አምስት ሰዓት በላይ። ዋጋውም በ6 ብር ሒሳብ 233 ብር መሆኑ ቀርቶ 274 ብር ሆነ።

ውጤትዎ ከ0.80 በታች ከወረደ ግን መጀመሪያ ያላጠፉት ነገር እንዳለ ይፈትሹ፤ ከሌለ ሶኬቱን በእጅዎ ይንኩ። ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም ማራዘሚያው የሚያቃጥል ከሆነ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው። ለመኪና ቻርጅ የተራ ማራዘሚያ ገመድ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ለብቻው ከብሬከር የሚነሣ፣ ወፍራም ሽቦ ያለው መስመር በባለሙያ ማስዘርጋት ይሻላል።

አንድ የማስተውለው ነገር አለ። አንዳንድ መኪና የሚጻፍለት የባትሪ መጠን ባለቤቱ ከሚጠቀምበት ይበልጣል። ለምሳሌ የአውሮፓው ቮልስዋገን አይዲ 4 ትልቁ ባትሪ 82 ኪሎዋት ሰዓት ሲባል ለመንዳት የሚውለው 77ቱ ነው፤ ቀሪው ባትሪው እንዳይጎዳ የተቆለፈ ነው። ለሒሳባችን የሚያስፈልገን ትንሹ ቁጥር ነው። ይህን ካላወቁ ደግሞ ከላይ ያለው የቆጣሪ ሙከራ ስህተቱን ይሸፍንልዎታል፣ ምክንያቱም በመቶኛ የተሞላውን ከቆጣሪው ንባብ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ይቻላል፤ 50 በመቶ 22.9 ከፈጀ ሙሉው 45.8 ነው፣ አለቀ።

አሁን ወደ ታሪፉ። ከባድ የሆነው እዚህ ነው፣ ጋሼንም ያስደነገጣቸው ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ ደረጃ የተከፋፈለ ነው። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በነበረው ሠንጠረዥ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ የሚከፍለው 0.2730 ብር ሲሆን፣ ከ500 በላይ የሚጠቀም ግን 2.4810 ብር ነበር፤ ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተደርጎ ታሪፉ ተሻሽሏል። ስለዚህ ከመጽሔት ላይ የሚገለበጥ ቁጥር የለም፤ የእርስዎን ካለፈው ደረሰኝዎ ነው የሚወስዱት።

መኪናው ይህን ደረጃ ይቀይረዋል። እንዴት እንደሚቀይረው ለማሳየት ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው ሰው ሠራሽ ታሪፍ ላስቀምጥ፤ እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት 3 ብር፣ ከዚያ በላይ 6 ብር እንበል። የጋሼ ቤት ከመኪናው በፊት በወር 150 ይጠቀማል፤ ክፍያው 450 ብር ይሆናል። አራት ሙሉ ቻርጅ 183 ሲጨመርበት 333 ይደርሳል።

ታሪፉ በየደረጃው ለየብቻ የሚታሰብ ከሆነ የመጀመሪያው 200 በ3 ብር 600፣ ቀሪው 133 በ6 ብር 798፣ ድምር 1,398 ብር። ከቀድሞው 450 ብር ሲቀነስ መኪናው ያመጣው 948 ብር ነው። ለአራት ሲካፈል አንድ ቻርጅ 237 ብር።

ሁሉም ፍጆታ በደረሱበት ደረጃ ዋጋ የሚታሰብ ከሆነ ግን 333ቱም በ6 ብር 1,998 ይሆናል። መኪናው ያመጣው 1,548 ብር፣ አንዱ ቻርጅ 387 ብር። መኪናው የራሱን ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው፣ አምፖሉንና ምጣዱን ጭምር ያስወድዳል ማለት ነው! ባትሪው ያው ነው፣ ከቆጣሪ የወጣው ኤሌክትሪክም ያው ነው፣ ልዩነቱ 150 ብር ነው።

የትኛው እንደሚሠራብዎ ደረሰኙ ይነግርዎታል። ድህረ ክፍያ ከሆኑ ፍጆታው በየመስመሩ ተከፋፍሎ በተለያየ ዋጋ መባዛቱን ወይም በአንድ ዋጋ ብቻ መባዛቱን ይዩ። የካርድ ቆጣሪ ካለዎት በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ አካባቢ እኩል ብር ከፍለው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተሰጠዎ ያነጻጽሩ። በታሪፉ ላይ 15 በመቶ ቫትና ሌላ አነስተኛ ክፍያ ተደምሮ ሊገኝም ይችላል፤ እነዚህም የደረሰኙ መስመሮች ላይ ይነበባሉ።

ለዚህ ነው እኔ “የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ስንት ነው?” ብሎ መነሣቱን የማልመክረው። ይልቅ ከመኪናው በፊት የነበረውን የአንድ ወር ክፍያ፣ ከመኪናው በኋላ ካለው የአንድ ወር ክፍያ ላይ ቀንሱ። ደረጃውም፣ ቫቱም፣ የጠፋውም ኤሌክትሪክ ልዩነቱ ውስጥ ተካትቷል። ያንን ልዩነት በዚያ ወር መኪናው በሞላው መቶኛ ድምር ያካፍሉትና በመቶ ያባዙት። ጋሼ የወሩን ሲደምሩ 60 በመቶ ሰባት ጊዜ ሞልተው ነበር፤ 420 በመቶ፣ ወይም አራት ሙሉ ቻርጅ ከሃያ በመቶ መሆኑ ነው። ታሪፉ በሁለቱ ወራት መካከል ከጨመረ ግን ማነጻጸሩ እንደሚዛባ ልብ ይበሉ፤ የቀድሞውን ፍጆታ በአዲሱ ዋጋ አስልተው ይቀንሱ።

ጋሼ ዛሬ ቆጣሪያቸው አጠገብ ደብተር ሰቅለዋል፤ ከሰኩ ማታ አንድ ቁጥር፣ ከነቀሉ ጠዋት አንድ ቁጥር ይጽፋሉ። መኪና ሊገዙ ያሰቡ አንባቢዎች ከመግዛታቸው በፊት ያለፉትን የሦስት ወር ደረሰኞች አስቀምጡ፤ ኋላ የምትቀንሱበት ቁጥር እነሱ ላይ ነው ያለው።