ጠርሙሱን አጥፍቶ ጥለቱን መተው

የመልስ ዕለት የተነሣ ፎቶግራፍ እንውሰድ። ሙሽራዋ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጣለች፤ የነጠላዋ ጫፍ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አርፎ ጥለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጥለቱ አጠገብ ደግሞ ግማሹ የተጠጣ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ቆሟል። ፎቶውን ያበላሸው እሱ ብቻ ስለሆነ ባለቤቶቹ እንዲጠፋ ይፈልጋሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ለፎቶ ቤት ባለሙያ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም ጠርሙሱን በሰከንዶች ውስጥ ያጠፋዋል። ፎቶው ወደ ቤት ከተወሰደ በኋላ ግን የሙሽራዋ እናት ትክ ብለው ያዩትና «ይሄ የእኛ ጥለት አይደለም» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ መስቀሉ ሌላ ሆኗል፣ አረንጓዴው መስመርም መንገድ ላይ ጠፍቷል።

ጥለቱን ማንም እንዲነካ አላዘዘም። የተነካው ፕሮግራሙ በሚጠይቃቸው ሦስት ነገሮች ምክንያት ነው፦ ማስኩ ምን ያህል ይሸፍን፣ ጠርዙ ምን ያህል ይለስልስ፣ በውስጡ ያለው ምን ያህል ይፍረስ። ስቴብል ዲፊውዥንን በነፃ ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ በሆነው አውቶማቲክ 1111 ላይ ሦስቱም ፊት ለፊት ስለሚታዩ ሥራውን በእሱ እንከተል። የፎቶሾፕ ጄነሬቲቭ ፊልም የሚሠራው በተመሳሳይ ሐሳብ ነው፤ ሦስተኛውን ግን ለተጠቃሚው አያሳይም፣ ራሱ ይወስናል።

ማስክ ማለት በፎቶው ላይ በብሩሽ የሚቀባ ሽፋን ነው። የተቀባው ቦታ እንደገና ይሣላል፣ ያልተቀባው ይቀራል። አብዛኛው ሰው ጠንቃቃ ለመሆን ብሎ ጠርሙሱን ብቻ፣ ልክ በቅርጹ ዙሪያ ይቀባል። ያን ጊዜ የሚመጣው ውጤት ያስገርማል፦ በጠርሙሱ ቦታ ሌላ ጠርሙስ ይቆማል፣ ወይም ብርጭቆ፣ ወይም የአበባ ማስቀመጫ። ምክንያቱ ጥላው ነው። ጠርሙሱ በጠረጴዛው ልብስ ላይ የጣለው ጥላ ከማስኩ ውጭ ቀርቷል። ሞዴሉ ደግሞ ባዶውን የሚሞላው በዙሪያው ያለውን አይቶ ነው። ጥላ ካለ ጥላውን የሚጥል ነገር መኖር አለበት፤ የማስኩ ቅርጽም ቀጥ ያለና አንገቱ የጠበበ ነው። ስለዚህ ማስኩ ነገሩን ብቻ ሳይሆን ነገሩ በዙሪያው የተወውን ምልክት ሁሉ፣ ጥላውንም ነጸብራቁንም፣ መሸፈን አለበት።

እንግዲህ ሰፋ አድርጎ መቀባት ነው መፍትሔው? በአንድ በኩል አዎ። የእኛ ጠርሙስ 90 ፒክስል ስፋት አለው እንበል። በቀኙ ጥላውና ባዶው የጠረጴዛ ልብስ አሉ፤ በዚያ በኩል ማስኩ ሰፋ ቢል የሚጎዳ ነገር የለም፣ ነጭ ጨርቅ በነጭ ጨርቅ ይተካል። በግራው ግን ከጠርሙሱ 20 ፒክስል ብቻ ርቆ ጥለቱ ይጀምራል። ማስኩ ያን ከነካ የተነካው ክፍል ይፈርሳል፤ ሞዴሉ የዚያችን ነጠላ ጥለት ስለማያውቅ «ጥለት የሚመስል» ነገር ይሠራል። በአበባ ወይም በሣር ላይ ይህ ማንንም አያስከፋም። በጥለት፣ በፊደልና በሰው ፊት ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ማስክ በሁሉም አቅጣጫ እኩል መሆን የለበትም። ድንበሩ ማለፍ ያለበት ምንም መገጣጠም በማያስፈልግበት ሜዳ ላይ ነው፤ እኔ ከሦስቱ ምርጫዎች ከሁሉ በፊት በጥንቃቄ መወሰን ያለበት ይህ ይመስለኛል።

ግራው ላይ 20 ፒክስል አለን፤ እንዴት እንካፈለው? እዚህ ጋ ነው ማለስለሱ የሚገባው። በፎቶሾፕ ፌዘር፣ በአውቶማቲክ 1111 `Mask blur` ይባላል። ያልለሰለሰ ማስክ ጠርዙ በምላጭ እንደተቆረጠ ነው፤ አዲሱ ነጭ ከአሮጌው ነጭ በትንሹ እንኳ ቢለይ መስመሩ ይታያል። ሲለሰልስ በድንበሩ ላይ አዲሱና አሮጌው ይደባለቃሉ፤ ከሙሉ አዲስ ወደ ሙሉ አሮጌ ቀስ እያለ ይሸጋገራል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ሽግግሩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሄዱ ነው። ወደ ውጭ ይሄድና ያልተቀባውን ይነካል፤ ወደ ውስጥ ይገባና መጥፋት የነበረበትን በከፊል ይመልሳል። በአውቶማቲክ 1111 የብዥታው ስፋት ቁጥሩ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ነው የሚገኘው። ሳይነኩት የሚገኘው ቁጥር 4 ስለሆነ ከድንበሩ ወደ ውጭ 10፣ ወደ ውስጥም 10 ፒክስል ይደርሳል። ለእኛ ፎቶ ይህ ልክ ነው። ማስኩን ከጠርሙሱ ጠርዝ 10 ፒክስል አርቀን ከቀባነው የብዥታው ውስጠኛ ጫፍ ጠርሙሱ ጋ፣ ውጫዊው ጫፍ ጥለቱ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ቁጥሩን «ይበልጥ ይለስልስ» ብለን 16 ብናደርገው ግን 40 ፒክስል ወደየአቅጣጫው ይሄዳል። በአንድ በኩል 30 ፒክስል ያህል ጥለቱ ውስጥ ይገባል። በሌላው በኩል የጠርሙሱ ግራ ጠርዝ እንደ ጭስ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ጠርሙስ ነበር የሚል ደብዛዛ ቅርጽ ነጩ ጨርቅ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ ጥላ መሳይ ቅሪት ካያችሁ ማለስለሱ ለማስኩ በዝቷል ማለት ነው። ወይ ማስኩ ይስፋ፣ ወይ ማለስለሱ ይቀነስ።

ማለስለስ የማይችለውም ነገር አለ። የብርሃንና የቀለም ልዩነትን ይደብቃል፤ የቦታ ልዩነትን ግን አይደብቅም። አዲሱ የጥለት መስመር ከአሮጌው አምስት ፒክስል ዝቅ ብሎ ከተሣለ፣ ማደባለቁ ሁለቱንም መስመሮች ጎን ለጎን ደብዝዘው እንዲታዩ ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም። ያን ጊዜ ማለስለሱን መጨመር ነገሩን ያብሳል እንጂ አያስታርቀውም።

መስመሮቹ ከቦታቸው የሚሄዱት በሦስተኛው ምርጫ የተነሣ ነው። `Denoising strength` ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር ሲሆን፣ ሞዴሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የነበረው ምስል በምን ያህል ነጥብጣብ ጉም እንደሚሸፈን ይወስናል። በ1 ላይ ከአሮጌው የሚቀር የለም ለማለት ይቻላል። በ0.3 ጉሙ ስስ ስለሆነ ትላልቆቹ ቅርጾችና ቀለሞች በጉሙ ውስጥ ይታያሉ፤ ሞዴሉም እነሱን ይዞ ዝርዝሩን ብቻ ይለውጣል። ጉሙን ደረጃ በደረጃ መግፈፍ የሞዴሉ ሥራ ነው። ሃያ ደረጃ አዘን 0.75 ካልን በተለመደው አሠራር 15 ያህሉን ብቻ ይሠራል፤ 0.3 ካልን ስድስት ያህሉን።

ለጠርሙሳችን ይህ ችግር ይፈጥራል። በ0.3 ጠርሙሱ አይጠፋም፣ ትንሽ መልኩን ይለውጣል እንጂ። በ0.5 አካባቢ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፣ ለምሳሌ ወደ ታጠፈ ናፕኪን። በ0.9 ይጠፋል፤ ነገር ግን ባዶው ቦታ ላይ ሞዴሉ የፈለገውን የመጨመር ነፃነት አግኝቷል፣ የጨርቁ እጥፋትም ከዙሪያው እጥፋት ጋር ላይገጥም ይችላል። ለዚህ ሥራ ተብለው የሠለጠኑ ሞዴሎች ከማስኩ ውጭ ያለውን ምስል በተጨማሪ ግብዓት ስለሚቀበሉ በ1 ላይ እንኳ ከአካባቢው ጋር ይስማማሉ። ተራው ሞዴል ግን በከፍተኛ ቁጥር አካባቢውን የመርሳት ጠባይ አለው።

ልምድ ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ቁጥሩን ከመጨመር ይልቅ ሌላ መንገድ ይሄዳሉ፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። መጀመሪያ በፎቶሾፕ ክሎን ስታምፕ አጠገቡ ያለውን ነጭ ጨርቅ ወስደው ጠርሙሱንና ጥላውን በግምት ይሸፍኑታል። ቢንሻፈፍም ግድ የለም። ከዚያ ያን ቦታ ማስክ አድርገው በ0.4 ወይም 0.45 ያሠሩታል። ሞዴሉ በጉሙ ውስጥ የሚያየው አሁን ጠርሙስ ሳይሆን ሻካራ ነጭ ጨርቅ ስለሆነ ሥራው ማስተካከል ብቻ ይሆናል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ስለሆነም እጥፋቶቹ ካሉበት አይንቀሳቀሱም፣ በድንበሩ ላይ አዲሱና አሮጌው በቦታ ይገጥማሉ፣ ያችው 10 ፒክስል ማለስለሻ ትበቃለች።

በኮምፊዩአይ የሚሠሩ ሰዎች ግን አንድ ነገር ሊጠነቀቁ ይገባል። `VAE Encode (for Inpainting)` የሚለው ክፍል ማስኩ ውስጥ ያለውን አስቀድሞ ግራጫ ያደርገዋል። በእሱ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ከተሰጠ ግራጫው ራሱ «የነበረው ምስል» ሆኖ ይቆጠርና ፎቶው ላይ አመድ የመሰለ ቁስል ይቀራል። ለዝቅተኛ ቁጥር የሚስማማው `Set Latent Noise Mask` ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ ማስኩ ያልደረሰባቸው፣ ከኋላ በርቀት የተቀመጡ እንግዶች ፊት የሚዛባበት ጊዜ። ሞዴሉ የሚሠራው በፎቶው ላይ በቀጥታ አይደለም፤ ስምንት በስምንት ፒክስል እየታጠፈ በተጨመቀ ቅጂ ላይ ነው። ቅጂው ሲፈታ ትንንሽ ፊቶችና ጽሑፎች ማንም ሳይነካቸው ይጎዳሉ። አውቶማቲክ 1111 ከማስኩ ውጭ ያለውን በዋናው ፎቶ ስለሚሸፍነው ይህ አይታይም። በኮምፊዩአይ ግን አዲሱን ቁራጭ ዋናው ፎቶ ላይ የሚለጥፍ ክፍል ባለቤቱ ራሱ ካልጨመረ ፎቶው ሁሉ በጥቂቱ ይለወጣል፣ ሥራው በተደጋገመ ቁጥርም ይብሳል።

ምን እንደተለወጠ በዓይን መፈለግ አድካሚ ነው፤ ዓይንም ይታለላል። በፎቶሾፕ አዲሱን ፎቶ በአሮጌው ላይ አስቀምጡና የላይኛውን ንብርብር `Difference` አድርጉት። ያልተለወጠው ሁሉ ጥቁር ይሆናል፣ የተለወጠው ይበራል። ብርሃኑን በ`Levels` ከፍ ስታደርጉት የብዥታው ትክክለኛ ስፋት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በጥለቱ በኩል የሚበራ ነገር ካለ ሁሉን እንደገና ማሠራት አያስፈልግም፤ ንብርብሩን ወደ `Normal` መልሳችሁ የአዲሱን ፎቶ ያን ጎን ብቻ በንብርብር ማስክ ብትሸፍኑት ከሥሩ ዋናው ጥለት ይወጣል። ለዚህ ምርመራ ፎቶዎቹን ከማጠናቀቂያው በፊት በPNG አስቀምጧቸው፤ JPEG ሲያስቀምጥ ፎቶውን ሁሉ በጥቂቱ ስለሚቀይር፣ ያልተነካውም የተነካ መስሎ ሊበራ ይችላል።