ቀድሞ የሚጠበው ቧንቧ

ከሥራ መልስ ማኪያቶ ይዘው በረንዳ ላይ በተቀመጡ ወንዶች ዘንድ የለውዝ ሻጩ ልጅ ሲደርስ የምትወረወር የታወቀች ቀልድ አለች። «ለእሱ ጨመር አድርግለት፤ ቤት የምትጠብቀው አለች» ይላል አንዱ። ሁሉም ይስቃል፤ የተቀለደበትም ሰውዬ ይስቃል፤ ለውዙንም ይገዛል። ከቀልዱ ሥር ያለው ጥያቄ ግን የምር ነው። የሚበላ ነገር የወንድን ብልት መቆም ያሻሽላል ወይ? ሐኪሞችም ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ይህንኑ ሲጠይቁ ከርመዋል። ያገኙት መልስ ለውዝ ሻጩን ያን ያህል አያስደስተውም።

በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ የቱርክ ጥናት አለ። ስንፈተ ወሲብ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየባቸው 17 ባለትዳር ወንዶች ለሦስት ሳምንት በየቀኑ 100 ግራም ፒስታቺዮ በሉ። ስለ ወሲብ ሕይወታቸው የሞሉት መጠይቅ ውጤት በአማካይ ከ36 ወደ 54 ከፍ አለ፤ በአልትራሳውንድ ሲታይም ወደ ብልት የሚገባው ደም ፍጥነት ጨምሮ ተገኘ። ይህን ያነበበ ሰው ፒስታቺዮ ፍለጋ ቢወጣ አይፈረድበትም። ችግሩ ፒስታቺዮ ሳይበሉ ለንጽጽር የቆዩ ሌሎች ወንዶች አለመኖራቸው ነው። «ይህ ነገር ይረዳሃል» ተብሎ በየቀኑ ምሳ ላይ የሚቀርብለት ባለትዳር ሰው፣ ተስፋው ብቻውን ሦስት ሳምንት ሊያሻግረው ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ተስፋ ጉልበተኛ መድኃኒት ነው።

ቀጥሎ የስፔን ተመራማሪዎች ጉዳዩን በተሻለ መንገድ ፈተሹት። 83 ጤነኛ ወንዶችን ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሾቹ ለ14 ሳምንት በቀን 60 ግራም የዋልነት፣ የአልሞንድና የሃዝልነት ድብልቅ ሲበሉ፣ ሌሎቹ ከእነዚህ ሁሉ ታቀቡ። በ2019 በወጣው ውጤት የበሉት ወንዶች የወሲብ ፍላጎታቸውም የፍጻሜ ስሜታቸውም መጨመሩን ተናገሩ። የብልት መቆም ግን ከሌሎቹ የተለየ ለውጥ አላሳየም። እንዴት ሊያሳይ ይችላል? ሰዎቹ ቀድሞውኑ ጤነኞች ነበሩ፤ ያልተበላሸ ነገር አይጠገንም።

ታዲያ የሚበላሸው ምንድን ነው? ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። ስሜት ሲነሳ ነርቮችና የደም ቧንቧዎቹ የውስጥ ገበር ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫሉ። ጋዙ የቧንቧዎቹንና የስፖንጅ መሳዩን ሥጋ ጡንቻዎች ያላላል፤ ደም ገብቶ ይሞላል፤ የሞላው ክፍል ደግሞ መውጫ ሥሮቹን ተጭኖ ይዘጋቸዋል። ይህ ጋዝ በልብና በደም ዝውውር ውስጥ መልእክተኛ መሆኑን ያረጋገጡ ሦስት አሜሪካውያን በ1998 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ፤ ቪያግራም በዚያው ዓመት ለገበያ ተፈቀደ። ቪያግራ ጋዙን አይሠራም። የጋዙ መልእክት ቶሎ እንዳይጠፋ ብቻ ያቆያል። ገበሩ ተጎድቶ ጋዙ እምብዛም ካልወጣ ክኒኑ የሚያቆየው ነገር ያጣል። ለብዙ ዓመት ስኳር የቆየባቸው ወንዶች «ለእኔ አልሠራም» ሲሉ የሚደመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የብልት ደም ቧንቧ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው፤ የልብ ቧንቧ ደግሞ ከ3 እስከ 4። ስብና ብግነት የሰውነትን ቧንቧዎች ሁሉ እኩል ቢያጠቁ ቀድሞ የሚታወቀው የቀጭኑ ነው። በ2005 የሚላን ሐኪሞች ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነበር። የልብ ሕመምተኞቻቸውን ሲጠይቁ ከብዙዎቹ ዘንድ የአልጋው ችግር ከደረት ሕመሙ ሁለት ሦስት ዓመት ቀድሞ መጥቷል። ስለዚህ የምግቡ ጥያቄ ስለ ብልት ብቻ የሚጠየቅ አይደለም፤ ያ ገበር መልሶ ሊያገግም ይችላል ወይ ነው ጥያቄው።

ይህን በቀጥታ የሞከሩት ናፖሊ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። በ2004 ባሳተሙት የመጀመሪያ ጥናት ከመጠን በላይ የወፈሩ፣ ነገር ግን ስኳርም ደም ግፊትም የሌለባቸው፣ ስንፈተ ወሲብ ያለባቸው 110 ወንዶች ነበሩ። ግማሾቹ ከክብደታቸው አንድ አሥረኛውን እንዲቀንሱ ምን እንደሚበሉና እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በዝርዝር ተነገራቸው። በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ፣ በሁለተኛው በየሁለት ወሩ ከባለሙያ ጋር ይገናኙ ነበር። ሌሎቹ ጠቅላላ ምክር ብቻ አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 55 ሰዎች 17ቱ፣ ከሁለተኛዎቹ 55 ደግሞ 3ቱ ጤነኛ ወደሚባለው መለኪያ ገቡ። ይህ ግን የምግብ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሰዎቹ ከስተዋል፣ በሳምንት የሚንቀሳቀሱበት ጊዜም ከ48 ደቂቃ ወደ 195 አድጓል።

ምግቡን ነጥሎ ለማየት የተሞከረው በ2006 ነው። ቦርጭ፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ ግፊትና የደም ቅባት የተደራረቡባቸው 65 ወንዶች ውጤት ተመረመረ፤ 35ቱ የሜድትራኒያን አካባቢ አመጋገብ፣ 30ዎቹ የተለመደውን የጥንቃቄ ምግብ ይከተሉ ነበር። የሜድትራኒያኑ ማዕድ ብዙ ፍራፍሬና አትክልት፣ ዋልነት፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል፣ የወይራ ዘይት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጤነኛ መለኪያ ውስጥ የገቡት 13 ለ2 ሆኑ። የገበሩ አሠራርም ተሻሻለ፤ በደም ውስጥ የሚታየው የብግነት ምልክት ቀነሰ።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ሁለት ነገር ማየት አለብን። ከ35ቱ 22ቱ ሁለት ዓመት ሙሉ በደንብ በልተው ጤነኛ ከሚባለው መለኪያ በታች ቀርተዋል። ደግሞም 65ቱ የተመረጡት ከቀደሙ ጥናቶች መዝገብ ውስጥ ሲሆን፣ ክትትላቸውን እስከ መጨረሻው የፈጸሙት ብቻ ናቸው። በመሀል የተሰላቸ ሰው ሒሳቡ ውስጥ የለም። እኔ ይህን ጥናት እንደ ጥሩ ምልክት እንጂ እንደ ማረጋገጫ አልወስደውም፤ የ2004ቱና የ2006ቱ ሥራዎች ከአንድ ቡድን የወጡ መሆናቸውም ይህንኑ ያጠናክርብኛል።

ምልክቱን ከሌላ አቅጣጫ የደገፈው የአሜሪካ ጥናት ነው። በ2020 የወጣው ይህ ጥናት ከ21,000 በላይ ወንድ የጤና ባለሙያዎችን ከ1998 ጀምሮ ተከታትሏል። ሲጀመር ስንፈተ ወሲብም ስኳርም የልብ ሕመምም አልነበረባቸውም። ዕድሜያቸው ከ60 በታች ከሆኑት መካከል አመጋገባቸው ለሜድትራኒያኑ በጣም የቀረበው፣ በጣም ከራቀው ጋር ሲነጻጸር ችግሩ የመምጣቱ ዕድል በ22 በመቶ ያነሰ ነበር። ከ70 በላይ በሆኑት ላይ ልዩነቱ ጠበበ። ይህም ከቧንቧው ታሪክ ጋር ይስማማል፤ ገበሩ ገና ሳይደነድን የሚበላው ይበልጥ ይጠቅማል። በደንብ የሚበላ ሰው በሌላውም ነገር ጠንቃቃ መሆኑ ግን አይቀርምና፣ 22 በመቶው ሁሉ የሰላጣ ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

አሁን አንድ ሰው እናስብ። ዕድሜው 48፣ ወገቡ 108 ሴንቲሜትር፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል። ችግሩ በአንድ ቀን አልመጣም፤ በሁለት ዓመት ቀስ በቀስ መጣ፤ ጠዋት ሲነቃ የነበረውም መቆም ደክሟል። ይህ ቧንቧን ያስጠረጥራል። ድንገት ቢጀምርና የጠዋቱ እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ ጭንቀትን ወይም የቤት ቅያሜን እንጠረጥር ነበር። ሐኪሙ አምስት ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ በራሱ መተማመኑን፣ ለግንኙነት የሚበቃ ጥንካሬን፣ ከገባ በኋላ መቆየቱን፣ እስከ ፍጻሜ መዝለቁን፣ እርካታውን። ለእያንዳንዱ እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። 22 እና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፤ የእኛ ሰው 14 አመጣ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሩ 118፣ ግፊቱ 142 በ90 ሆነ። ያልጠበቀው ወሬ ይህ ነው፤ ለአልጋው ብሎ ሄዶ የስኳር ደጃፍ ላይ መቆሙን ሰማ።

ሚስቱ ሰምታ የወይራ ዘይትና አንድ ከረጢት አልሞንድ ብትገዛና ከድሮው ምግብ ላይ ብትጨምረው ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ስህተት ትሠራለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ 100 ግራም ፒስታቺዮ ደግሞ 560 ገደማ። ወገቡ 111 ይሆናል እንጂ ሌላ ለውጥ አይመጣም። መተካት ነው ያለበት፤ የምሽቱን ጥብስ በምስርና በአትክልት፣ የሻዩን ብስኩት በአንድ ጭብጥ ለውዝ፣ ለስላሳውን መጠጥ በሙሉ ፍሬ፤ በስኳር በተቀመመ ጁስ አይደለም። ወገቡንና ስኳሩን በሦስት ወር ይለካል። ነጥቡ ግን ይዘገያል፤ በናፖሊው የ2004 ጥናት የታየው አማካይ ጭማሪ በሁለት ዓመት ሦስት ነጥብ ያህል ነበር። 14 የነበረው 17 ይደርሳል ማለት ነው። እስከዚያ ክኒን ቢታዘዝለት ነውር የለበትም፤ ናይትሬት የተባለ የልብ መድኃኒት ከወሰደ ግን ሁለቱ አብረው ግፊቱን እስከ ሞት ሊጥሉት ይችላሉ። ነርቩ በፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና የተቆረጠበትን፣ ወይም ሲጋራውን ያልተወውን ሰው ደግሞ ማዕድ ብቻውን አያድነውም።

ይህን የማጫውታቸው ሰዎች «የጾም ምግባችን እኮ ያው የሜድትራኒያኑ ነው» ይሉኛል። ከፊል እውነት አላቸው። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ተልባው ናፖሊ ቢቀርብ አያሳፍርም። የሚለየው መጀመሪያ ዘይቱ ነው፤ ብዙ ቤት የሚገባው የፓልም ዘይት ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ጎመኑ ነው። ቅጠላ ቅጠል ሰውነት ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለውጠው ናይትሬት አለው፤ እኛ ግን ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ውሃውን ከነናይትሬቱ እንደፋዋለን። ሦስተኛው ፍራፍሬው ነው። ከጾሙም ከፍስኩም ማዕድ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ብርቱካንና ሙዝ እኛ ዘንድ በፌስታል ተቋጥሮ ሆስፒታል ለተኛ ሰው የሚወሰድ ነገር ነው።