15 በመቶው የምኑ ነው?

የሰፈር ሱቅ ያለውን ሰው ዕቃ እንዴት እንደሚተምን ብትጠይቁት መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «በመግዣው ላይ 15 ፐርሰንት ጨምሬ እሸጣለሁ» ይላል። አሠራሩ ጥሩ ነው። መደርደሪያው ላይ መቶ ዓይነት ዕቃ ቢኖር እንኳ ለእያንዳንዱ ትርፍ ሲያወጡና ሲያወርዱ መዋል አያስፈልግም። ስሌቱንም ማንም ይችለዋል። ስህተት የሚገባው 15ቱን ሲያሰሉ ሳይሆን ከምን ላይ እንደሚያሰሉት ሲዘነጉ ነው። በእኔ እምነት ብዙ ትናንሽ ሱቆችን የሚጎዳው የትርፍ ማነስ ሳይሆን ይህ መዘንጋት ነው።

አንዲት ባለሱቅ እንቁላል አምጥታ ስትሸጥ እንይ፤ ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው። ከአከፋፋይ አሥር ትሪ ወሰደች። አንዱ ትሪ 30 እንቁላል ስለሚይዝ በጠቅላላው 300 ነው። አንዱን በ15 ብር ስለገዛች 4,500 ብር ከፈለች። መግዣዋ 15 ብር ነው ብላ ካሰበች 15ን በ1.15 አባዝታ 17 ብር ከ25 ሳንቲም ታገኛለች። የማባዣው ቁጥር ግልጽ ነው፦ 1 የሚለው መግዣውን ራሱን ይወክላል፣ 0.15 የሚለው ደግሞ የሚጨመረውን ትርፍ። ለ20 በመቶ በ1.20፣ ለ30 በመቶ በ1.30 ማባዛት ነው። የሂሳብ ማሽን ላይ ያለው የ% ቁልፍ ከማሽን ማሽን አሠራሩ ስለሚለያይ በዚህ መንገድ ማባዛቱ ይሻላል።

ነገር ግን እንቁላሉ በራሱ እግር ሱቅ አልመጣም። ለባጃጅና ለተሸካሚ 170 ብር ወጥቷል። ትሪዎቹ ሲወርዱና ሲደረደሩ ደግሞ ስምንት እንቁላል ተሰብሯል። እንግዲህ ከኪሷ የወጣው 4,670 ብር ነው፤ ለሽያጭ የቀረበላት ደግሞ 292 እንቁላል ነው። 4,670 ለ292 ሲካፈል አንዱ እንቁላል 16 ብር ገደማ ገብቶባታል ማለት ነው። ትክክለኛው መግዣ ይህ ነው፤ በ1.15 ሲባዛ 18 ብር ከ40 ይመጣል።

የአንድ ብር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ሁሉንም በ17 ብር ከ25 ብትሸጥ የምታገኘው 5,037 ብር ነው፤ ከ4,670 ላይ የተረፈው 367 ብር ብቻ ነው። ይህም ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። 15 በመቶ አትርፌያለሁ ብላ የምታስበው ሴት እጇ ላይ የገባው ግማሹ ነው። በመንገድ የሚሰበር፣ የሚፈስ፣ ሲመዘን የሚጎድል ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው። ወጪው በተገዛው ብዛት ሳይሆን ለሽያጭ በደረሰው ብዛት ይካፈላል። ብዙ ዓይነት ዕቃ በአንድ ጭነት ከመጣ የማጓጓዣውን ገንዘብ በየዕቃው ዋጋ መጠን ማከፋፈል ይቻላል። የ20,000 ብር ዕቃ በ600 ብር ከመጣ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ መግዣ ላይ መጀመሪያ 3 በመቶ ይጨመርና ትርፉ ከዚያ በኋላ ይሰላል።

18 ብር ከ40 ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ለ40 ሳንቲም መልስ የሚሰጥም የሚቀበልም የለም። ወደ 18 ብታወርደው ትርፉ 12 ተኩል በመቶ ይሆናል። ወደ 19 ብታወጣው ከ18 በመቶ ያልፋል። ርካሽ ዕቃ ላይ የአንዲት ብር ማጠጋጋት እንዲህ ብዙ ታዛባለች፤ የ2,000 ብር ዕቃ ላይ ግን ምንም አትለውጥም። ለእንቁላሉ እኔ የምመርጠው ሁለቱን በ37 ብር መሸጥ ነው። አንዱ 18 ብር ከ50 ይወጣል፤ ከታሰበውም ዋጋ ብዙ አይርቅም።

ዋጋ በትክክል ከተተመነ በኋላም ቢሆን አንድ አደገኛ ቦታ ይቀራል፤ እሱም ማታ ገንዘብ ሲቆጠር ነው። በሱቋ ያለው ዕቃ ሁሉ በ15 በመቶ ትርፍ የሚሸጥ ይሁንና መሳቢያው ውስጥ የቀኑ ሽያጭ 6,900 ብር ተገኘ እንበል። ባለሱቋ «ትርፌ 15 ፐርሰንት ነው» ብላ የ6,900ን 15 በመቶ ብታወጣ 1,035 ብር ይሆናል። ያንን ለቤት ወጪ ታነሳለች። ዳሩ ግን 15ቱ የተሰላው ከመግዣው እንጂ ከመሸጫው አልነበረም። መሳቢያው ውስጥ ያለው ገንዘብ ትርፉን አስቀድሞ ይዟል፤ በየ115 ብሩ ውስጥ 100ው መግዣ፣ 15ቱ ትርፍ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ሲኬድ ማባዛት ሳይሆን ማካፈል ነው የሚያስፈልገው። 6,900 ለ1.15 ሲካፈል 6,000 ይሆናል። ይህ የዕቃው መግዣ ነው። ትርፉ 900 ብር ብቻ ነው።

የተነሳው 135 ብር ትርፍ ከነበረው ሳይሆን ከዋናው የተቀነሰ ነው። በየቀኑ ይህን ያህል ብትሸጥና በዚሁ ስሌት ብታነሳ በ30 ቀን ውስጥ 4,050 ብር ዋና ገንዘብ ይበላል። ያውም የቤት ኪራዩና መብራቱ ገና ከዚያው ከ900ው የሚከፈል ነው። ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ባለሱቋ ለአዲስ ዕቃ ስትሄድ በፊት ትገዛ የነበረውን ያህል መግዛት ያቅታታል፤ መደርደሪያው ይሳሳል፤ «ዕቃ ተወደደ» ትላለች። የአከፋፋዩ ዋጋ ሳይለወጥ ይህ ከደረሰ ግን፣ ዱቤና ስርቆት ከሌለ፣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የማታው ቆጠራ ነው።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ በተመዘገበ ሱቅም ይኸው የመነሻ ጉዳይ በሌላ መልክ ይመጣል። ታክሱ 15 በመቶ ነው። አንድ ዕቃ ታክሱን ጨምሮ በ4,600 ብር ተገዛ እንበል፤ ከታክስ በፊት ዋጋው 4,000 ነው። በ4,000 ላይ 20 በመቶ ትርፍ ሲጨመር 4,800፣ በዚያ ላይ ታክሱ ሲጨመር 5,520 ብር ይመጣል። በ4,600 ላይ በቀጥታ 20 በመቶ ቢጨመርም ውጤቱ 5,520 ነው፤ ዋጋው ስለገጠመ ስህተቱ አይታይም። በሁለተኛው መንገድ ያሰላው ሰው ግን 920 ብር አተረፍኩ ይላል፤ እውነተኛው ትርፉ 800 ነው። ከደንበኛው ከተቀበለው 720 ብር ታክስ ውስጥ ሲገዛ የከፈለውን 600 ቀንሶ ቀሪውን 120 ብር ለታክስ ሰብሳቢው ማስገባት አለበት። ያልተመዘገበ ነጋዴ ግን የከፈለውን ታክስ ማቀናነስ ስለማይችል መግዣው 4,600ው ራሱ ነው።

በክርክር ጊዜም እንዲሁ ነው። በ2,000 ብር የገባ ብርድ ልብስ 25 በመቶ ተጨምሮበት በ2,500 ተሰቅሏል። ደንበኛ «የመጨረሻውን ንገሪኝ» ሲል፣ «25 ጨምሬ የለ፣ 25 ብቀንስ ቢያንስ መግዣዬን አገኛለሁ» ብላ የምታስብ ትኖራለች። የ2,500 ሩብ 625 ነው። ሲቀነስ 1,875 ይሆናል፤ ይህም 125 ብር ኪሳራ ነው። በ25 በመቶ ትርፍ የተሰቀለ ዕቃ ሊቀነስለት የሚችለው እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው፤ 20 በመቶ ትርፍ የተያዘበት ደግሞ ከመሸጫው አንድ ስድስተኛውን። የበዓል ቅናሽ በር ላይ የሚለጥፍ ሰው የሚጽፈውን ቁጥር ከመሸጫው ላይ አስልቶ ቀሪውን ከመግዣው ጋር አስተያይቶ ይለጥፍ።